ከ7 ደቂቃ ክሊፕ ውስጥ ለከቨር የቱን ፍሬም ልምረጥ? ሸማው ነጭ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ጽሑፉ አልነበብ አለኝ

ካሜራ ያዥዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሽሮሜዳ ሄጄ አንድ ሸማኔ አባት ቀርጬ ነበር። ክሊፑ 7 ደቂቃ ከምናምን ነው፤ ለዩቲዩብ፣ በአግድም፣ 1920 በ1080። አሁን ታምኔል ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ዩቲዩብ ራሱ የሰጠኝ ሦስት ምርጫ አንዱ ወለል ነው፣ አንዱ የእጄ ጥላ ነው፣ ሦስተኛው ላይ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ስለዚህ እኔው አራት መረጥኩ።

1ኛ፣ 0፡38 ላይ። ክፍሉ በሙሉ ይታያል። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው ተቀምጠዋል፣ ድሩ ተወጥሯል። ደስ የሚል ነው፣ ግን እሳቸው ሩቅ ናቸው።
2ኛ፣ 2፡15 ላይ። መወርወሪያውን ሲወረውሩ። እጃቸው እንደ ጭስ ሆኗል፣ ፊታቸው ወደ ታች ነው።
3ኛ፣ 3፡45 ላይ። ወደ እኔ ዞረው ያወራሉ፤ ከኋላቸው ያለቁ ነጠላዎች ተሰቅለዋል። ግን አፋቸው ሾሏል፣ ፊታቸውም ጨልሟል።
4ኛ፣ 6፡02 ላይ። ከልባቸው ሲስቁ። ዓይናቸው የለም ማለት ይቻላል።

በላዩ ላይ «የሸማኔው ጥለት» ብዬ በነጭ ጻፍኩበት። ስልኬ ላይ ሳየው ምንም አይነበብም። ምን ላድርግ?

ሸገር ቦይ
ቀላል ነው እህት። 4ኛውን ውሰጂ፣ ስሜት ያለው እሱ ነው። ጽሑፉን ቀይ አድርጊው፣ ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር ጠርዝ ስጪው፣ ቀይ ቀስት ጨምሪበት። ሰው የሚነካው ፊትን አይቶ ነው። እኔ እንዲህ ሳደርግ ሁሌም ይሠራልኛል።

ናፍቆት99
ዘፋኙ ማነው? ከቨሩ ላይ የዘፋኙ ስም ካልተጻፈ ክሊፑን ማን ያውቀዋል?

ካሜራ ያዥዋ
@ናፍቆት99 ዘፈን አይደለም እኮ፣ ቪዲዮ ለማለት ነው። 😅

የድሮ ኤዲተር
ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚህን አራቱን እንዴት ነው ያወጣሻቸው?

ካሜራ ያዥዋ
ጋሼ፣ ለሸማኔው ልጅ በቴሌግራም የላክሁለትን ስልኬ ላይ ከፍቼ፣ አቁሜ፣ ስክሪንሾት።

የድሮ ኤዲተር
ጠርጥሬ ነበር። ቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ስትልኪው ይጨምቀዋል። የጥለቱ ጥቃቅን መስመር ሁሉ ወደ ጭቃነት የተለወጠው እዚያ ነው። ከዚያ ስክሪንሾቱ በስልክሽ ስክሪን ልክ ይመጣል እንጂ በቪዲዮው ልክ አይመጣም። ወደ ዋናው ፋይል ተመለሺ።

አሁን ወደ ምርጫሽ። ታምኔል የሚመረጠው በትልቁ ታይቶ አይደለም። ከሌላ ቪዲዮ ጎን ተደርድሮ ሲመጣ የአውራ ጣት ያህል ነው። እኔ 168 ፒክሰል ስፋት አድርጌ ነው የማየው፤ ቁመቱ ያኔ 94 ገደማ ይሆናል። 1ኛው ፍሬምሽ ላይ የሸማኔው ፊት ከፍሬሙ ቁመት አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው እንበል። በ94 ውስጥ 8 ፒክሰል ነው ማለት ነው። በ8 ፒክሰል ዓይን አይሣልም፣ ነጥብ ነው።

«ዙም አደርገዋለሁ» ትይኝ ይሆናል። ታምኔል 1280 በ720 ነው፣ ቪዲዮሽ 1920 ነው። አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው ያለሽ ትርፍ። ከዚያ ካለፍሽ ያልነበረ ፒክሰል እየለጠጥሽ ነው። አንድ ተኩል እጥፍ ብታጎዪው ፊታቸው ከ8 ወደ 12 ያድጋል። አሁንም ነጥብ ነው። 1ኛው ወደቀ።

2ኛው ላይ ፊት የለም፣ እጁም ደብዝዟል። 25 ፍሬም በሰከንድ በ1/50 ስትቀርጪ እጅ ሲወረወር መደብዘዙ አይቀርም፣ ጥፋትሽ አይደለም። ነገር ግን እጅ ከፈለግሽ የሚወረውረውን ሳይሆን የሚቀበለውን ፈልጊ። መወርወሪያው ወዲያ ማዶ ሲደርስ ያኛው እጅ ይይዘውና ለቅጽበት ይቆማል። ጥርት ያለው ምስል እዚያ ነው።

4ኛው ጥሩ ሳቅ ነው። ግን ሳቅ በትንሹ ሲታይ ሁለት መስመርና አንድ ነጭ ጥርስ ነው። ዓይን ካልተከፈተ ማን እንደሚያይሽ አታውቂም።

የሚቀረው 3ኛው ነው። እሱ ግን በተሳሳተ ቅጽበት ተይዟል።

ሸገር ቦይ
ጋሼ፣ የኔ ቪዲዮዎች ላይ የሚስቅ ፊት ሁሌ ይበልጣል ግን።

የድሮ ኤዲተር
ያንተ ቪዲዮ ላይ የምትስቀው አንተ ነህ፣ ተመልካችህ ያውቅሃል። ፊቱን የሚያውቀው ሰው ሳቁን ከሩቅ ይለየዋል። እሳቸውን ማንም አያውቃቸውም። በዚህ ላይ አንተ ካሜራው ፊት ተቀምጠህ ዓይንህን ከፍተህ ነው የምትስቀው፣ ለታምኔል ብለህ። እሳቸው የእውነት ነው የሳቁት።

ከዱባይ
እኔም ይሄ ነገር አቃጥሎኛል! ሹሩባ እሠራለሁ፣ ሪልስ እለቃለሁ። ከቨሩን ስመርጠው ጭንቅላቷ ሙሉ ነው፣ ፕሮፋይሌ ላይ ሲደረደር ግን ግንባሯ ተቆርጦ ይመጣል። የሠራሁት ሹሩባ ደግሞ ያለው እዚያው ግንባሯ ላይ ነው። ብርሃኑ ነው ችግሩ ወይስ ስልኩ?

የድሮ ኤዲተር
ብርሃንም ስልክም አይደለም የኔ እህት። ያንቺ በቁም ነው፣ 1080 በ1920። ኢንስታግራም ፕሮፋይልሽ ላይ ሲደረድረው መሃሉን ብቻ ያሳያል። በፊት አራት ማዕዘኑ እኩል ነበር፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ 3 በ4 ሆኗል። በ1080 ስፋት 1440 ቁመት ይተርፍሻል ማለት ነው፤ ከላይ 240፣ ከታች 240 ይሄዳል። ስለዚህ ሹሩባው ከላይኛው 240 በታች እንዲወድቅ አድርገሽ ቅረጪ። የተቀረጸ ካለሽ ደግሞ ጭንቅላቷን ዝቅ ያደረገችበትን ፍሬም ፈልጊ።

ከዱባይ
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ስቀይር ነበር በሉ እንግዲህ።

ካሜራ ያዥዋ
ጋሼ፣ «በተሳሳተ ቅጽበት» ያሉትን ያስረዱኝ። ወደፊትና ወደኋላ ሳደርገው አፋቸው ወይ ሾሎ ነው ወይ ተበላሽቶ ነው።

የድሮ ኤዲተር
የሚያወራ ሰው ፊት እንዲህ ነው። አማርኛችን ደግሞ ይብሳል፣ ካዕብና ሳብዕ ላይ ከንፈር ይሾላል። «ቡ» እና «ቦ» እያለ ያለ ሰው ሁሌም የሚያፏጭ ይመስላል። ስለዚህ ንግግሩ መሃል አትፈልጊ። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ያለውን አንድ ሰከንድ ፈልጊ። ሰው ተናግሮ ሲጨርስ አፉን ይገጥማል፣ ዓይኑን ግን ወዲያው አይነቅልም፣ «ገባሽ?» እንደሚል ያይሻል። ፊት ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ላይ ነው። ኤዲቲንግ ላይ ደግሞ ሁላችንም ቆርጠን የምንጥለው ይቺኑ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ካልተቆረጠው ፋይል ፈልጊያት።

አንድ በአንድ በጣት ከምትገፊ ሁሉንም ፍሬም አውጪው። ኮምፒውተር ካለሽና ffmpeg ከጫንሽ ይቺን ጻፊ፦

```
ffmpeg -ss 00:03:40 -t 10 -i shema.mp4 -q:v 2 f_%03d.jpg
```

ከ3፡40 ጀምሮ የ10 ሰከንዱን ሁሉ ያወጣልሻል፣ 250 ፎቶ። ባልተቆረጠው ፋይል ላይ ሰዓቱ ሌላ ከሆነ 3፡40ውን በዚያ ቀይሪው። አትደንግጪ፣ በትንሹ ደርድረሽ ስታያቸው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ዓይን የተጨፈነበትን አጥፊ። አንድ ርግብታ ብዙ ፍሬም ይበላል፣ ከሙሉ ጭፍኑ ይልቅ ግማሹ ነው የሚያታልልሽ፤ የሰከረ ያስመስላል። ከዚያ አፍ የሾለበትን አጥፊ። የቀሩትን ሙሉ አድርገሽ ክፈቺና የዓይናቸውን ብሌን ተመልከቺ። ትንሽ የብርሃን ነጥብ ካለበት ያ ነው።

ካሜራ ያዥዋ
ጋሼ! ከ250ው 9 ቀሩኝ፣ ከ9ኙ f_118 እርስዎ ያሉት ነው። «ታዲያ ይሄን ማን ይለብሰዋል?» ብለው ጨርሰው ያዩኛል። ብሌናቸው ላይ መስኮቱ ይታያል። ግን ፊታቸው አሁንም ጨለማ ነው። ነጠላዎቹ ይጮኻሉ።

የድሮ ኤዲተር
የካሜራው አውቶ ነው። ከኋላ ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ቀነሰ፤ የተቀነሰው ከእሳቸው ፊት ነው። ሙሉ ፎቶውን አታብሪው። ሸማው ቀድሞውንም ጫፍ ላይ ነው፣ ትንሽ ከጨመርሽበት ጥለቱና ነጩ አንድ ይሆናሉ፣ ከዚያ የሚመልሰው የለም። ፊቱን ብቻ ለይተሽ አንሺው። ስናፕሲድ ላይ አንድ ቦታ መርጦ ማብሪያ አለ፣ ነጥቡን ጉንጫቸው ላይ አድርጊ፣ ክቡን እስከ አንገታቸው አጥብቢ፣ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። የሚቆመው መጨማደዱ መጥፋት ሲጀምር ነው። የሰውዬው መልክ መጨማደዱ ነው፣ አስተካከልኩ ብለሽ እንዳታልሰልሺው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ያ የምትፈሪው ነጭ ሸማ ጠላትሽ አይደለም። ጥቁር ፊት ነጭ ላይ ሲያርፍ ከሁሉም ቀድሞ ይታያል። ፊት ጭቃ ግድግዳ ላይ ያረፈበት 4ኛው ፍሬም ነው የሚጠፋው።

ሸገር ቦይ
እሺ ፊቱን ተቀበልኩ። ጽሑፉ ግን ቀይ በጥቁር ጠርዝ መሆን አለበት፣ ነጩ ላይ ሌላ ምን ይታያል?

ፊደል ወዳጅ
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አላስቻለኝም። ጠርዝ ለላቲን ይሠራ ይሆናል። የኛ ፊደል ላይ ግን ልዩነቱ ያለው ጫፍ ላይ ነው። ትንሿ ቀለበት፣ ትንሿ ሰረዝ፣ ረዘም ያለችው እግር። ወፍራም ጠርዝ ስትሰጠው መጀመሪያ የሚደፍነው እነሱን ነው። «ኔ» ቀለበቱ ሲሞላ «ኒ» ይመስላል።

የእህታችን ጽሑፍ ደግሞ ይብሳል። «የሸማኔው ጥለት» ነው ያልሽው አይደል? አሳንሼ አየሁት። «የሸማኔው ጠላት» ነው ያነበብኩት። ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው የጠ አናትና የለ እግር ብቻ ነው። የወንጀል ዜና መስሎኝ ነበር።

ካሜራ ያዥዋ
ኧረ በማርያም! 😂 እናቴም «ምን ሆኑ?» ብላኛለች፣ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ፊደል ወዳጅ
በትንሹ የሚጻፍ ነገር ሲመረጥ ቃሉ በአንድ ጭረት ወደ ሌላ ቃል እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ነው። ሌላው ደግሞ የፎንቱ ነገር። ብዙ የስልክ አፕ የአማርኛ ደማቅ ፎንት የለውም፤ «ቦልድ» ስትዪው ያንኑ ፊደል ጎንና ጎን ያብጠዋል። ያበጠ ፊደል ደግሞ ሆዱ ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጂ፣ እሱ ከስስ እስከ በጣም ደማቅ ራሱን ችሎ የተሣለ ነው። እኔ ከሁሉም ደማቁን ትቼ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን እወስዳለሁ፣ ሆዱ ክፍት ስለሚሆን። ኒያላን ለመጽሐፍ ተዪው፤ ስስ መስመሮቹ ታምኔል ላይ ይሟሟሉ።

ቁመቱን በተመለከተ፣ ፊደሉ ከፍሬሙ ቁመት አንድ አምስተኛ ካልሞላ እኔ አልጽፍም። በ720 ላይ 144 ፒክሰል መሆኑ ነው። በዚህ መጠን ሁለት አጭር ቃል ነው የሚገባልሽ። ስለዚህ ርዕሱን አትድገሚው፣ ርዕሱ ከሥሩ ተጽፏል። ክሊፑ ውስጥ ሰው የሚያቆም አንድ ነገር የለም?

ካሜራ ያዥዋ
ለአንድ ቀሚስ ጥለት 9 ቀን ይፈጅብኛል ይላሉ።

ፊደል ወዳጅ
በቃ። «9 ቀን»።

ናፍቆት99
በግዕዝ ቁጥር «፱ ቀን» ቢሆን አያምርም?

ፊደል ወዳጅ
ያምራል፣ እኔም ልቤ ይፈልገዋል። ግን እውነቱን እንናገር፤ ከአሥር ሰው ስንቱ ነው ፱ን ሳያስብ የሚያነበው? ታምኔል ላይ ማሰቢያ ጊዜ የለም።

የድሮ ኤዲተር
ቀለሙን ልጨምርበት። ሸገር ቦይ፣ ቀይ ደማቅ ስለሆነ የሚነበብ ይመስልሃል። የሚነበበው ግን የብርሃን ልዩነት ያለው ነው። ንጹሕ ቀይ ነጭ ላይ ስታስቀምጥ ልዩነቱ 4 ለ1 ገደማ ነው። ጥቁር ነጭ ላይ 21 ለ1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ቀይ ደግሞ ባንዲራችን ላይ እንዳለው ዓይነት አረንጓዴ ላይ ብታስቀምጠው 1.1 ለ1 አካባቢ ነው የምታገኘው፣ የለም ማለት ነው። ለበዓል ታምኔል የሚሠሩ ሰዎች ይቺን ቢያውቁ ዓይናችን ይተርፍ ነበር።

እዚህ ታዲያ ጠርዝም፣ ጥቁር ሳጥንም አያስፈልግም። ሸማው ራሱ ወረቀት ነው። እሳቸው በስተቀኝ ናቸው፣ በግራ በኩል ባዶ ነጭ ነጠላ አለ። በላዩ ላይ በጥቁር «9 ቀን» ብለሽ ጻፊበት። ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ምንም አታድርጊ፣ የደቂቃው ቁጥር እዚያ ይወድቃል።

ከዚያ ፈትኚው፦

```
ffmpeg -i cover.jpg -vf "scale=168:-1,format=gray" test.png
```

ይሄ አሳንሶ ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል። ሳታጎዪው፣ ክንድሽን ዘርግተሽ እዪው። ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ ከታወቀሽና «9 ቀን» ከተነበበልሽ አልቋል። ቀለም ያታልላል፣ ጥቁርና ነጭ አያታልልም።

ሸገር ቦይ
ቀስቱስ?

የድሮ ኤዲተር
ቀስቱ ወደ ምን ይጠቁም?

ሸገር ቦይ
... እሺ።

የሽሮሜዳ ልጅ
ይቅርታ፣ እኔ ግን በነገሩ አልተስማማሁም። አባቴም አያቴም ሸማኔ ናቸው። ሁላችሁም ስለ ፊት ታወራላችሁ። ቪዲዮው ስለ ጥለት ከሆነ ጥለቱ የታለ? ከኋላ የተሰቀለው ነጠላ ያለቀ ዕቃ ነው፣ ሱቅ ውስጥም ይታያል። ሥራው ያለው ድሩ ላይ ነው። ደግሞስ ፊታቸው በየሰው ስልክ ላይ እንደሚወጣ ተነግሯቸዋል? ቪዲዮ ውስጥ መታየትና ከቨር መሆን ይለያያል።

የድሮ ኤዲተር
ስለ ፈቃዱ ልክ ነህ፣ ያንን አልጠየቅኳትም። ስለ ጥለቱ ግን፣ ድር በ168 ፒክሰል ግራጫ ነገር ነው የሚሆነው። ክሮቹ እርስ በርስ ይውጣሉ፣ አንዳንዴም የሌለ ሞገድ ይፈጥራሉ። ለማሳየት ከተፈለገ በጣም ተጠግቶ የተቀረጸ ያስፈልጋል፣ አንድ የጥለት ቅርጽ ፍሬሙን ሞልቶ።

የሽሮሜዳ ልጅ
ታዲያ እሱ ይቀረጽ።

ካሜራ ያዥዋ
ቅርብ የሆነ አንድ አለኝ፣ 5፡20 ላይ። የሚቀበለው እጃቸው ከአንድ ቀይና ወርቅማ ጥለት ጋር። ጥርት ያለ ነው፣ ጋሼ እንዳሉት እጁ የቆመበትን አገኘሁት።

ሸገር ቦይ
ሁለቱንም ልቀቂ! ዩቲዩብ ስቱዲዮ እስከ ሦስት ታምኔል ያወዳድርልሻል። ብዙ ሰው የነካው ያሸንፋል።

የድሮ ኤዲተር
ማወዳደሩ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይሄን ብለሃል። ግን የሚለካው በነካው ሰው ብዛት አይደለም፣ በታየው ጊዜ ድርሻ ነው። ነክቶ የወጣ ሰው አይጠቅማትም። ደግሞ ተመልካቿ ጥቂት ከሆነ «ልዩነት የለም» ብሎ ሊመልስላት ይችላል። ያኔ በራሷ ዓይን ትወስናለች።

ካሜራ ያዥዋ
(ከሦስት ቀን በኋላ)
ሄጄ ነበር። ሁለቱን በስልኬ አሳየኋቸው፣ የ168ቱን ሳይቀር። ፊታቸው ያለበትን አዩና ዝም አሉ። ከዚያ «ፊቴ ይውጣ፣ ግድ የለም፣ ግን ይቺ ከኋላዬ ያለችው ነጠላ የኔ አይደለችም፣ የጎረቤቴ ናት» አሉኝ። ጽሑፉ ያረፈበት ነጠላ ማለት ነው!

እጃቸው ያለበትን ወደዱት። ግን እሱ ላይ ለ«9 ቀን» ባዶ ቦታ የለም፣ ሁሉም ጥለት ነው። ጽሑፍ ሳይኖረው ከፊቱ ጋር ለማወዳደር አስገብቼዋለሁ፣ እስካሁን ውጤት የለም።

የሽሮሜዳ ልጅ
ጎረቤቱ ማን እንደሆኑ ጠይቂልኝ እስቲ፣ አጎቴ ሊሆን ይችላል።

ፊደል ወዳጅ
የእጁን test.png እዚህ ለጥፊው። ከቀዩ በላይ ያለችው ጥቁር ክር ላይ ቦታ ያለ ይመስለኛል።